ክሩ የላላ ጊዜ

ልጆች፣

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ጎንደር ፒያሳ ሻይ እየጠጣሁ አንዲት ወጣት ስልኳን ይዛ መጣች። የ2 ደቂቃ አኒሜሽን ሠርታለች። ካይቱ የጠፋበት ልጅ ታሪክ ነው፤ አንድም ቃል የለበትም። «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» አለችኝ። አየሁት። ሥዕሉ ቆንጆ ነው። ከኋላዬ ቆሞ አብሮኝ ሲያይ የነበረውን አስተናጋጅ «ምን ገባህ?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ልጁን ንብ ነደፈው መሰለኝ» አለ።

ልጅቷ ሳቋን ለቀቀችው። ቀጥሎ ግን ዝም አለች።

በአስተናጋጁ አልፈርድም። ክሩ ሲበጠስ ልጁ አፉን ይከፍታል፣ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ይጭናል፣ ይዘላል፣ እንባው እንደ ቧንቧ ይወርዳል። ይሄ ሁሉ በ2 ሰከንድ ውስጥ ነው። ካይቱ ደግሞ ያን ጊዜ ከስክሪኑ ወጥቷል። ተመልካቹ ያየው የሚጮህ ልጅ ብቻ ነው። ንብ ቢል ምን ይደንቃል?

እኔም ከታቤላ ጽሕፈት ተነስቼ ለልጆች የሚሆን አኒሜሽን መሥራት የጀመርኩ ሰሞን ይችኑ ስህተት ስንት ጊዜ ሠርቻታለሁ። ስለዚህ ለእሷ ያልኳትን ለእናንተም ልጻፍላችሁ። ስለ ሙሉ ፊልሙ አላወራም። ስለ 8 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ክሩ ከሚበጠስበት ልጁ መሮጥ እስከሚጀምርበት ድረስ። እዚያ ላይ ከተበላሸ ቀሪው አይድንም።

መጀመሪያ ችግሩን እዩት። ካይቱ ሰማይ ላይ ነው፣ ልጁ መሬት ላይ። ሁለቱን በአንድ ሾት ካስገባችሁ ልጁ ጉንዳን ያክላል። ልጁን ካቀረባችሁት ደግሞ ወደ ላይ አንጋጧል፤ ከፊት ስትስሉት የሚታያችሁ አገጩና የአፍንጫው ቀዳዳ ነው። ፊት የለም። ቃል በሌለበት ፊልም ፊት ከጠፋ ምን ቀረ?

መውጫው ካሜራውን ወደ ላይ መስቀል ነው። ከካይቱ ጀርባ ሆናችሁ ቁልቁል እዩት። ያን ጊዜ ያንጋጠጠው ፊት ሙሉ ለሙሉ ወደ እናንተ ይዞራል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ጣራውን አይታችሁ የለ? እነዚያ የመላእክት ፊቶች አካል እንኳ የላቸውም፤ ፊትና ክንፍ ብቻ ናቸው። ዓይናቸው ግን ስንቱን ይናገራል። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ደጉን ሰው በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይን የሚስሉት ያለ ነገር አይደለም። ማንበብ ለማይችለው ምእመን ሥዕሉ ራሱ መናገር ነበረበት። የእኛ ልጅም ቢያንስ ካይቱን በሚያጣባት ቅጽበት ሁለት ዓይን ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ክሩ። ካይት ሲባል ሁሉም ሰው የሚያሳምረው ፌስታሉን፣ ሸምበቆውንና ጭራውን ነው። ታሪኩን የሚሸከመው ግን ክሩ ነው። ክር ማለት አንድ መስመር ነው፤ ሕፃንም ሊስለው ይችላል። የተወጠረ ከሆነ ልጁና ካይቱ አብረው ናቸው። ከላላ ተለያይተዋል። ሌላ ማስረዳት አያስፈልግም። ግን ይህ የሚሠራው ተመልካቹ አስቀድሞ ከለመደው ብቻ ነው። ክሩ ከመበጠሱ በፊት ቢያንስ 15 ወይም 20 ሰከንድ ስጡት። ልጁ ክሩን ሳብ ሲያደርግ ካይቱ ራሱን ነቅነቅ ያድርግለት። ነፋሱ ሲበረታ ክሩ እጁን ይሳበው፤ ተረከዙ ከመሬት ይነሳ። ልጁ ይስባል፣ ካይቱ ይመልሳል። እንደ ሰላምታ ነው። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ አሳዩ።

ክሩ የሚበጠስበት ምክንያትም በዓይናችን ይታይ። ልጅቷ ፊልም ውስጥ ክሩ ዝም ብሎ ነው የተበጠሰው። እኔ ብሆን ልጁን ከፋሲል ግቢ አጥር ውጭ አቆመዋለሁ። ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ክሩ የድንጋዩ ጠርዝ ላይ ይተኛል። አንድ የቅርብ ሾት፤ ክሩ ድንጋዩን ይፈገፍጋል፣ አንድ ቃጫ ይነሳል። ተመልካቹ ከልጁ ቀድሞ አወቀ። ከዚህ በኋላ ያለችው እያንዳንዷ ሰከንድ ትጨንቃለች።

ሲበጠስስ ካይቱ የት ይሄዳል? እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ ትስታላችሁ። እንደ ፊኛ ሽቅብ ትልኩታላችሁ። ካይት ግን ሽቅብ የሚቆመው ክሩ ስለያዘው ነው። ክሩ ነፋሱን ፊት ለፊት እንዲጋፈጥ አዘንብሎ ያቆመዋል፤ የሚያነሳው ይሄ ግፊት ነው። ክሩ ሲለቅ ያ አያያዝ ይጠፋል። ካይቱ ይንገዳገዳል፣ ይገለበጣል፣ እንደ ደረቅ ቅጠል ወዲያ ወዲህ እያለ ነፋሱ ወደሚሄድበት እየወረደ ይርቃል። ጭራው ዘግይቶ ይከተለዋል። ሽቅብ ከላካችሁት ነፃ የወጣ ወፍ ይመስላል፤ ሰው ደስ ይለዋል። ሲንገዳገድ ግን የተጎዳ ነገር ይመስላል።

የነፋሱን አቅጣጫም አንዴ ወስኑና አትቀይሩት። ከግራ ወደ ቀኝ ከነፈሰ እስከ መጨረሻው፣ የልጁ ሸሚዝም ሆነ የባሕር ዛፉ ቅጠል ወደ ቀኝ ይሂድ። አንድ ሾት ላይ ከተገለበጠ ሰው ካይቱ እየተመለሰ ነው ብሎ ያስባል።

እሺ፣ 8ቱን ሰከንድ እንቁጠራቸው። በሰከንድ 24 ፍሬም ከሆነ 192 ፍሬም ነው። አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ከያዛችሁት 96 ሥዕል ይሆናል። አትደንግጡ፤ ሁሉም አዲስ ሥዕል አይደለም።

አንደኛው ሰከንድ ለክሩ ነው። ቀጥ ያለው መስመር ይጎብጣል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ልጁ ገና ፈገግ እንዳለ ነው።

ቀጣዮቹን 2 ሰከንዶች ከሁሉም በላይ እወዳቸዋለሁ። ልጁ አላወቀም። እንደ ልማዱ ክሩን ሳብ ያደርጋል። እጁ በጣም ይቀለዋል፤ ካሰበው በላይ ወደ ኋላ ይሄድበታል። የሚመልስለት የለም። የዚህን ጊዜ የሚያየው ሰማዩን አይደለም፣ እጁን ነው። ልጅቷን «ደረጃ እየወረድሽ አንድ ደረጃ የቀረ መስሎሽ እግርሽን ስትሰጂ ሜዳ የሆነብሽ ጊዜ አለ?» አልኳት። ቶሎ ገባት።

ከዚያ 1 ሰከንድ ለመዞር። ዓይን ይቅደም። ሁለት ወይም ሦስት ሥዕል ቆይቶ ራስ ይከተል፤ ትከሻ በመጨረሻ። ሁሉም አንድ ላይ ከዞረ አሻንጉሊት ይሆናል።

ከዚያ 3 ሰከንድ ምንም አያድርግ። ከላይ ያየነው ሾት ነው፤ ሁለት ዓይን፣ ትንሽ የተከፈተ አፍ። እንባ የለም። እዚህ ላይ ሰው ይፈራል፤ ባዶ የሚሆን ይመስለዋል። ነገር ግን ሥዕሉን ደርቆ እንዲቆም ካደረጋችሁት በእርግጥ ኔትወርክ የተቋረጠ ይመስላል። ስለዚህ ፀጉሩን ነፋስ ይንካው፣ የሸሚዙ ኮሌታ ይንቀሳቀስ፣ አንዴ ዓይኑን ያርገብግብ። ለዚህ ሰባት ስምንት ሥዕል እያመላለሱ መጠቀም ይበቃል። የቀረው 1 ሰከንድ ለመሮጥ መነሻ ነው፤ ወደ ፊት ከመወርወሩ በፊት ጉልበቱን አጠፍ፣ ሰውነቱን ወደ ኋላ ሰብሰብ ያድርግ።

ሙዚቃውን ሆን ብዬ ነው ያቆየሁት። የልጅቷ ፊልም ላይ ቫዮሊኑ ልጁ ከማወቁ በፊት ማልቀስ ጀምሯል። ሙዚቃ ወሬ አቀባይ መሆን የለበትም።

እኔ ማሲንቆ መረጥኩላት። ጎንደር ስለሆንን አይደለም፤ ማሲንቆ አንድ አውታር ብቻ ስላለው ነው። ካይቱም አንድ ክር ነው ያለው። ክሩ ሲወጠር ድምፁ ወደ ላይ ይንሸራተታል፣ ሲላላ ይወርዳል። ክሩ ሲበጠስ ግን የሐዘን ዜማ አታምጡ። ዝም በሉ። እነዚያ 2 ሰከንዶች ላይ የነፋስ ድምፅ ብቻ ይሰማ።

አንድ የሚሸውድ ነገር አለ። የታወቀ ዜማ እንዳትወስዱ። የእኛ ሰው ማሲንቆ ሲሰማ ግጥም ይሰማዋል። አዝማሪው አፉን ባይከፍትም አድማጩ ውስጥ ውስጡን ስንኙን ይለዋል። ቃል የለውም ያላችሁት ፊልም በተመልካቹ ጭንቅላት ውስጥ የሌላ ሰው ቃል ሞላበት ማለት ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ የፍቅር። ቅኝቱን ውሰዱ፣ ዜማውን ራሳችሁ ፍጠሩት። ትዝታ ቅኝትንም ቢሆን አትቸኩሉበት። ትዝታ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው የሚያምረው፤ እዚህ ካይቱ ገና በዓይን ይታያል። ለፊልሙ መጨረሻ አቆዩት።

ፍጥነቱን ደግሞ ከሥዕሉ ጋር አስታርቁት። በሰከንድ 24 ፍሬም ማለት በደቂቃ 1440 ነው፤ ይህን በደቂቃ ምት ቁጥር ስታካፍሉ አንድ ምት ስንት ፍሬም እንደሚወስድ ታገኛላችሁ። በደቂቃ 120 ምት ከሆነ 12 ፍሬም ነው፣ 80 ከሆነ 18። ሩጫው 120 ላይ ቢሆን የልጁ እያንዳንዱ እርምጃ ምቱ ላይ ያርፍ ይሆናል። ሁሉንም ግን አታሳርፉት። ዓይኑን ባርገበገበ ቁጥር ማሲንቆው ድምፅ ካወጣ ቀልድ ይሆንባችኋል። መጀመሪያዎቹን ሦስት አራት እርምጃዎች ገጥሙና ልቀቁት።

አንድ ጊዜ ገንዘብ የሰጠን ሰውዬ ተመሳሳይ ትዕይንት አይቶ «አንድ ተራኪ ቢጨመርበት፣ ካይቱ ጠፋ ብሎ ቢናገር» አለን። ጨመርን። ያ ፊልም አሁንም ያሳፍረኛል።

ሥራችሁን የምትፈትሹት ግን በእኔ አይደለም። እኔ ታሪኩን አውቀዋለሁ። ድምፁን አጥፉና ለሰፈር ሕፃናት አሳዩ። «ወደዳችሁት?» አትበሉ፤ ሁሉም አዎ ይላል። «ምን ሆነ?» በሉ። ካልመለሱ ሥዕሉ ላይ ነው ችግሩ፤ ሙዚቃ አይጠግነውም።

ልጅቷ ትናንት እንደገና መጣች። 8ቱን ሰከንድ ሠርታዋለች፣ እንባውን አስወግዳለች። መጨረሻውንም ቀይራለች። ልጁ ካይቱን አላገኘውም፤ መሬት ላይ የወደቀውን ክር እየሰበሰበ እንጨቱ ላይ ይጠቀልለዋል። ድምፁን አጥፍተን ለጎረቤቴ የ6 ዓመት ልጅ አሳየናት። «ምን ሆነ?» አልናት።

«በረረበት» አለች።

«ታዲያ ክሩን ለምን ጠቀለለው?»

የማናውቅ መስሏት አዘነችልን። «ሌላ ሊሠራ ነዋ!»