ለፖስትዶክ ሲቪ የትኛው ክፍል ይቅደም?

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ፒኤችዲዬን በአካባቢ ሳይንስ ጨርሻለሁ፤ ጥናቴ በአቃቂ ወንዝ ውኃ በሚለማ አትክልት ላይ ነው። አሁን ስዊድን ላለ የፖስትዶክ ቦታ ላመለክት ነው። ማስታወቂያው በፍሳሽ ውኃ ስለሚዛመቱ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ይላል። ሲቪዬ 7 ገጽ ነው፤ ሁሉም በቀን ቅደም ተከተል ተደርድሯል። አንድ ባልደረባዬ ‹ለቦታው ከሚቀርበው ጀምሪ› አለኝ። የፒኤችዲ አማካሪዬ ግን ‹ቀኑን ካዛባሽው የደበቅሽው ነገር ያለ ይመስላል› አሉኝ። የማንን ልስማ? ሲቪውንም፣ የመመረቂያ ማጠቃለያዬንም፣ ማስታወቂያውንም አያይዤልዎታለሁ።»

የሁለቱንም ስሚ፣ እህቴ። ባልደረባሽ ልክ የሚሆነው ስለ ክፍሎቹ ቅደም ተከተል ከሆነ ነው። አማካሪሽ ደግሞ በየክፍሉ ውስጥ ስላለው አደራደር ልክ ናቸው። ክፍሎቹን ለማስታወቂያው ባላቸው ቅርበት ደርድሪ። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ግን የቅርቡ ከላይ፣ የቆየው ከታች ይሁን፤ ከእያንዳንዱ ሥራ አጠገብም ወርና ዓመት ይታይ። ቀኖችን አውጥቶ በችሎታ ብቻ የሚደረደር ሲቪ አለ። ለፖስትዶክ እሱን አልመክርሽም። ኮሚቴው መቼ ምን እንደሠራሽ ካጣ፣ አማካሪሽ የፈሩት ጥርጣሬ ይመጣል።

አሁን ወደ ራስሽ ወረቀት እንግባ። ማስታወቂያው የግድ ያላቸው አራት ነገሮች ናቸው። የተጠናቀቀ ፒኤችዲ፣ በኪው-ፒሲአር ዘረመል መለካትና የዘረመል መረጃን በአር ፕሮግራም መተንተን፣ የመስክ ናሙና አሰባሰብ፣ ተማሪ የማማከር ልምድ። እነዚህን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፌ እያንዳንዳቸው ሲቪሽ ላይ የት እንዳሉ ፈለግሁ።

ፒኤችዲሽ ገጽ 1 ላይ ነው፤ ግን ከትውልድ ቀን፣ ከጋብቻ ሁኔታ፣ ከ10ኛና ከ12ኛ ክፍል ውጤት በታች ነው። ኪው-ፒሲአርን ያገኘሁት ገጽ 5 ላይ፣ «አጫጭር ሥልጠናዎች» በሚለው ውስጥ ነው። ከከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራሙና ከመማር ማስተማር ሥልጠናዎች መሃል ገብቷል። በ2022 ውጭ አገር ላብ ውስጥ አራት ወር ተቀምጠሽ የራስሽን ናሙና ሠርተሻል፤ ይህ ከሦስት ቀን ወርክሾፕ ጋር እኩል አንድ መስመር ነው የተሰጠው። አር ከወርድና ከኤክሴል ጎን «የኮምፒውተር ችሎታ» ውስጥ ተቀምጧል። የመስክ ናሙና የሚል ቃል የትም የለም፤ መሥራትሽን ያወቅሁት ከመመረቂያ ማጠቃለያሽ ነው። የማስተርስ ተማሪዎች ማማከርሽ ደግሞ ገጽ 4 መጨረሻ ላይ፣ ከኮርሶች ዝርዝር በታች ነው።

አራቱም አሉሽ ማለት ነው። ግን እነሱን ለማግኘት እኔ ሲቪሽን እስከ መጨረሻው ማገላበጥ ነበረብኝ። በርካታ ማመልከቻ ከፊቱ የተደረደረ ፕሮፌሰር ይህን ያህል አይፈልግልሽም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚቀየረው ገጽ 1 ነው። ከላይ ስምሽ፣ ኢሜይልሽ፣ ኦርኪድ የሚባለው የተመራማሪ መለያ ቁጥርሽ። የጋብቻ ሁኔታ፣ የትውልድ ቀንና የሁለተኛ ደረጃ ውጤት ይውጡ። እዚህ አገር ለሥራ ስናመለክት የምንጽፋቸው ናቸው፤ እዚያ ለምርምር ቦታ አያስፈልጉም። ቀጥሎ ትምህርት ይምጣ፤ ግን አጭር ይሁን። የፒኤችዲው ርዕስ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ የተመረቅሽበት ወርና ዓመት፣ የአማካሪዎችሽ ስም፤ ከዚያ ማስተርስና ዲግሪ በየአንድ መስመር።

ትምህርቱን ከምርምሩ ያስቀደምኩት በልማድ አይደለም። በስዊድን ዩኒቨርሲቲዎች ለፖስትዶክ በመጀመሪያ የሚታሰቡት ፒኤችዲያቸውን ከማመልከቻው ማብቂያ በፊት ባሉት 3 ዓመታት ውስጥ የጨረሱ ናቸው። እንደ ወሊድ ፈቃድና ሕመም ያለ ምክንያት ሲኖር ከዚያ በፊት የጨረሰም ይታሰባል። ስለዚህ አንባቢው ከሁሉ በፊት የሚያጣራው ያንን ቀን ነው።

አንቺ ደግሞ እዚሁ ቀን ላይ ከባድ ስሕተት አለብሽ። የፒኤችዲሽን ማጠናቀቂያ «ጁላይ 2016» ብለሽዋል። ሐምሌ 2016 በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በእነሱ ጁላይ 2024 ነው። እንዳለ ብትልኪው ፒኤችዲሽን ከጨረስሽ ብዙ ዓመት ያለፈሽ ትመስያለሽ፤ ሌላውን ሳያነቡ ሊያስቀሩሽ ይችላሉ። ሥራ የጀመርሽበትም «ሴፕቴምበር 2007» ይላል፤ ማስተርስሽ ግን በፈረንጅ 2013 ተብሎ ተጽፏል። ያነበበ ሰው ማስተርስ ሳትይዢ ለስድስት ዓመት ሌክቸረር የነበርሽ ይመስለዋል። የቅጥር ደብዳቤው ላይ ያለውን እንዳለ ስለገለበጥሽው ነው። ትክክለኛው ሴፕቴምበር 2014 ነው። ሲቪውን ከላይ እስከ ታች ሂጂበትና ሁሉንም ቀን ወደ አንድ አቆጣጠር አምጪው። አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ 8 ይሆናል። ዝም ብሎ 8 መደመር አያዋጣም።

ከትምህርት ቀጥሎ «የምርምር ልምድ» የሚል ጥቅል ክፍል አትጻፊ። «በአካባቢ ማይክሮባዮሎጂ የምርምር ልምድ» በይው። ዋናው ብልሃት እዚህ ላይ ነው። የክፍሉን ስም የምታወጪው አንቺ ነሽ። ስሙን ጠበብ አድርገሽ ካወጣሽው፣ የማይቀርበው ሥራ በራሱ ጊዜ ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳል፤ የቀኑን ቅደም ተከተልም አትነኪም። የመመረቂያ ጥናትሽ ሁለት ወገን አለው። ከ2019 እስከ 2021 በአትክልትና በአፈር ውስጥ ያለ ከባድ ብረት፤ ከ2021 እስከ 2023 ደግሞ በመስኖ ውኃው ውስጥ ያሉ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች። በሲቪሽ ላይ ሁለቱ ባንድ አንቀጽ ተጨፍልቀዋል፤ ባክቴሪያው አንድ ሐረግ ብቻ ደርሶታል። ለዪያቸው። ባክቴሪያውና የ2022 የላብ ቆይታ በዚህ ክፍል ውስጥ ይግቡ። ከባድ ብረቱ «ሌላ የምርምር ልምድ» በሚል ከሕትመቶችሽ በኋላ ይምጣ።

የላብ ቆይታው አሁን «በሞለኪውላር ቴክኒክ ሥልጠና ወስጃለሁ» ይላል። እንዲህ ያለ መስመር ወደ ገጽ 1 ቢወጣም የሚያሳምነው ሰው የለም። በላክሽልኝ የመመረቂያ ማጠቃለያ መሠረት እኔ ብጽፈው እንዲህ እለዋለሁ፤ አንቺ በእንግሊዝኛ ታደርጊዋለሽ፦

«ጎብኚ የፒኤችዲ ተመራማሪ፣ ሴፕቴምበር–ዲሴምበር 2022። ከአቃቂ ወንዝና ከመስኖ ቦዮች በክረምትና በበጋ ከሰበሰብኳቸው 48 የውኃ ናሙናዎች ዲኤንኤ አወጣሁ። ሦስት የመድኃኒት መላመድ ዘረመሎችን በኪው-ፒሲአር ለካሁ፤ ውጤቱን ከ16ኤስ ዘረመል መጠን ጋር አነጻጸርኩ። ትንተናውን በአር ራሴ ሠራሁ። ውጤቱ በመጀመሪያ ጸሐፊነት ታትሟል (ሕትመት 1)።»

እዚህ ውስጥ ከማስታወቂያው አራት ነገሮች ሁለቱ፣ ማለትም የላብና የትንተና ችሎታሽ እና የመስክ ናሙናው፣ አንድ ላይ ተመለሱ። የሠራሽው፣ መጠኑ፣ የወጣው ውጤት ይታያል። «ራሴ» የሚለውን የጻፍኩት አውቄ ነው። ላብ ውስጥ ከቆመው ሰው ይልቅ ማሽኑን የነካው ማን እንደሆነ ይጠየቃል፤ ቃለ መጠይቅ ላይም ይህኑ ይጠይቁሻል። ቴክኒሻን የሠራልሽ ነገር ካለ ግን «ራሴ» አትበይ። ያንን ክፍል «በቡድን» ብለሽ ለዪው።

ሕትመቶችን ሁሉ አንድ ላይ አድርጊ፤ አምስት ስለሆኑ መከፋፈል አያስፈልጋቸውም። ደግነቱ የባክቴሪያው ጽሑፍ የቅርቡ ስለሆነ በቀን ተራም ከላይ ይሆናል። በደራሲዎች ዝርዝር ውስጥ የራስሽን ስም አድምቂው። ሁለቱ ጽሑፎች ላይ በአያትሽ ስም፣ ሦስቱ ላይ በአባትሽ ስም ነው የታተምሽው። ፈረንጁ ሁለት ሰው ይመስለዋል። ኦርኪድ ገጽሽ ላይ አምስቱንም አስገቢ፤ በዝርዝሩ ሥር ደግሞ ሁለቱም የአንቺ ስም እንደሆኑ በአንድ መስመር ግለጪ። ግምገማ ላይ ያለውን «በግምገማ ላይ» ብለሽ ከታተሙት በታች ለብቻው አድርጊ። ገና እየጻፍሽው ያለውን ተዪው።

ከዚያ ማስተማር ይመጣል። ያስተማርሻቸው ኮርሶች ዝርዝር አንድ ሙሉ ገጽ ይዟል። ወደ ሦስት መስመር ይውረድ፤ ግን አታጥፊው፤ ከ2014 ጀምሮ ያለው ጊዜሽ የሚገለጸው በእሱ ነው። የማስተርስ ተማሪዎችን ማማከርሽን ግን ከዝርዝሩ ነጥለሽ የክፍሉ የመጀመሪያ መስመር አድርጊው፤ ከነቁጥራቸውና ከነጥናታቸው ርዕስ። ማስታወቂያው በስም ጠይቆታልና። ኮንፈረንስ፣ ሽልማት፣ የምስክር ሰዎች ከዚህ በታች ይሁኑ። የዲፕሎማ ፕሮግራሙ በአንድ መስመር ይበቃዋል። በኔ ግምት ከ3 እስከ 4 ገጽ ይሆናል።

ይህ አደራደር ለዚህ ማስታወቂያ ብቻ ነው። ነገ ስለ አፈር ብክለት ቦታ ብታገኚ፣ ከባድ ብረቱ ወደ ላይ ይመጣል፣ ባክቴሪያው ይወርዳል። ስለዚህ ያንን የ7 ገጽ ሲቪ አታጥፊው። ቀኖቹን አስተካክለሽ በኮምፒውተርሽ ላይ አስቀምጪው፤ ለሌላው ሁሉ መቅጃ ይሆንሻል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ የራሱን ቅጽ ይሰጥሻል። ለምሳሌ የጀርመኑ የምርምር ድጋፍ ድርጅት ዲኤፍጂ የራሱ የሲቪ ቅጽ አለው፤ ዋና ሕትመቶችንም እስከ 10 ነው የሚቀበለው። ቅጽ ካለ በቅጹ ነው፤ ክፍሎቹን አታገላብጪ። ያኔ ቅርበቱን የምታሳዪው በእያንዳንዱ መስመር ቃላትና በምትመርጫቸው ሕትመቶች ነው።

ከመላክሽ በፊት ገጽ 1ን ብቻ አትሚና ከዘርፍሽ ውጪ ለሆነ አስተማሪ ስጪው። ማስታወቂያውንም አብረሽ ስጪ። አንድ ደቂቃ አንብቦ ወረቀቱን ሲመልስልሽ፣ ከአራቱ መስፈርቶች የትኞቹን እንዳየ ጠይቂው። ትምህርቱን፣ ኪው-ፒሲአሩንና የመስክ ናሙናውን መጥራት አለበት፤ ማማከሩ ገጽ 2 ወይም 3 ላይ ስለሆነ ባይጠራው አይክፋሽ። ኪው-ፒሲአሩን ካልጠራልሽ ያ መስመር አሁንም ተቀብሯል ማለት ነው፤ ክፍሉን ወደ ላይ አምጪው፣ ወይም ከላዩ ያለውን አሳጥሪው። አስተካክለሽ ስትጨርሺ መልሰሽ ላኪልኝ፤ ቀኖቹን አብረን አንድ በአንድ እናያቸዋለን።