«ይረዳሉ» ወይስ «ያስረዳሉ»?

«በትምህርት ዕቅዴ ላይ ‹ተማሪዎች የጎንደርን አመሠራረት ይረዳሉ› ብዬ ጻፍኩ። ሱፐርቫይዘሩ ‹ይረዳሉ አይለካም› ብሎ ሰረዘብኝ። ‹ይተነትናሉ› ብዬ ልቀይረው? ደረጃውስ ከፍ ይላል?»
የታሪክ መምህርት፣ ከአዘዞ (ጎንደር)

መምህርት፣ መሰረዙስ ልክ ነው። «ይረዳሉ» ሲጻፍ ራሱ አሻሚ ነው። «ረ» ላልቶ ሲነበብ መርዳት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ መረዳት። ፊደላችን ደግሞ መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «የአባቱን ሞት ተረዳ» እንላለን፤ «መርዶ»ም ለእኔ የዚሁ ቤተሰብ ነው። እዚያም እዚህም ነገሩ ሰውየው ልብ ውስጥ ያልቃል። ልብ ውስጥ ያለውን ማን ያርማል? መፍትሔው ከአማርኛው አይርቅም፤ «አስ»ን ይጨምሩበት። «ያስረዳሉ» ሲሉ ነገሩ ከልጁ አፍ ወይም ብዕር ይወጣል፤ እርስዎም ሰምተው ያርሙታል።

«ይተነትናሉ» የሚለውን ግን ይተዉት። ብሉምና ባልደረቦቹ የዕውቀት ዓላማዎችን በደረጃ ያስቀመጡት በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ሲከለስ ስድስቱ ደረጃዎች ማስታወስ፣ መረዳት፣ መተግበር፣ መተንተን፣ መገምገም፣ መፍጠር ተባሉ። ከዚያ «ለዚህ ደረጃ ይህ ግስ» የሚል ዝርዝር ተባዛ። ግሱ ብቻውን ደረጃውን ይወስናል ብለው የሚከራከሩኝ አሉ። አልቀበላቸውም።

የእርስዎን ትምህርት እንየው። «አጼ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን መናገሻ ያደረጉበትን ምክንያት ይተነትናሉ» ብለው ጻፉ እንበል። ምክንያቶቹን ግን ቀደም ብለው ሰሌዳ ላይ አስጽፈዋል። ፈተና ላይ ልጁ ደብተሩን ነው የሚገለብጠው። ግሱ አራተኛ ደረጃ ቢሆንም ሥራው ማስታወስ ነው። መለያው ይኸው ነው፤ ደብተሩን የሸመደደ ልጅ ሙሉ ማርክ ካገኘ፣ የጻፉት ግስ ጌጥ ነው።

«ምክንያቱን በራሳቸው ቃል፣ ታሪኩን ለማያውቅ እንግዳ ያስረዳሉ» ቢሉ እውነተኛ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ትንተና ካማረዎት ፋሲል ግቢ ይውሰዷቸውና እንዲህ ይጻፉ፦ «የፋሲልንና የኢያሱን ግንብ አይተው፣ የትኛው ክፍል ለጥበቃ፣ የትኛው ለመኖሪያ እንደታሰበ ከአሠራሩ ማስረጃ እየጠቀሱ ይለያሉ።» መልሱን አስቀድመው እስካልነገሯቸው ድረስ ትንተና ነው። «ይለያሉ» በብዙ ዝርዝር ታች ይቀመጣል፤ እዚህ ግን አራተኛውን ደረጃ ተሸክሟል።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ከላይኛው ደረጃ ላይ ያለው «ይፈጥራሉ» አይጥመኝም። ፈጣሪ አንድ ነው ብዬ ብቻ አይደለም። «ወሬ ፈጠረ» ስንል ዋሸ ማለታችንም ነው። ግጥም ከሆነ «ይደርሳሉ»፣ ዕቅድ ከሆነ «ይነድፋሉ» ቢባል ሥራውም ቁልጭ ብሎ ይታያል። «የፈጠራ ሥራ» ግን ሥር ሰዷል፤ ደረጃውን «መፍጠር» ብሎ መጥራቱን እያጉረመረምኩም ቢሆን ተቀብያለሁ። ዓላማው ላይ ግን «ይደርሳሉ» ብለው ይጻፉልኝ።