የነጣ ሰማይ ሲቀየር፦ ለቅጠሉ አንድ ማስክ፣ ለነጠላው ሌላ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የእህቴን የቀለበት ፎቶ እንጦጦ ላይ አንስቼ ነበር። ሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ቆማለች። ከጀርባዋ ባሕር ዛፍ አለ፤ ሰማዩ ግን ደመናማ ስለነበር ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኖ ወጣ። በፎቶሾፕ Magic Wand ሰማዩን መርጬ ሌላ ሰማይ አስገባሁ። በየቅጠሉ ዙሪያ ነጭ መስመር ቀረ፤ የነጠላዋም ጠርዝ ከሰማዩ ጋር አብሮ ተመርጦ ጠፋ። Feather ስጨምር ደግሞ ባሰ። ምን ባደርግ ይሻላል?»

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፎቶውን ያነሱት በRAW ከሆነ ማስክ ከመጀመርዎ በፊት ዋናውን ፋይል በCamera Raw ይክፈቱና Highlights የሚለውን እስከ -100 ዝቅ ያድርጉት። በደመናማ ቀን የተነሳ ሰማይ ነጭ መስሎ ታይቶ ውስጡ ግን ደመና የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ያ ከሆነ የራሱ ሰማይ ከማንኛውም የተዋሰ ሰማይ ይበልጣል። ካልተመለሰ ወይም ያለዎት JPEG ብቻ ከሆነ የInfo ሰሌዳውን ከፍተው ጠቋሚውን በሰማዩ ላይ ያንቀሳቅሱ። R፣ G እና B ሦስቱም 255 ካሉ በዚያ ቦታ የተመዘገበ ምንም ነገር የለም ማለት ነውና ወደ መተካቱ እንሂድ።

ነጩ መስመር የመጣው በMagic Wand ስሕተት ብቻ አይደለም። በቅጠሉ ጠርዝ ላይ ያለ ፒክስል በከፊል ቅጠል፣ በከፊል ሰማይ ነው፤ የድሮው ነጭ ሰማይ ከቅጠሉ ጋር ተቀላቅሎ በውስጡ አለ። ለምሳሌ የቅጠሉ ብርሃን መጠን 50፣ የነጩ ሰማይ 255 ቢሆን፣ ጠርዙ ላይ ያለው ፒክስል 150 አካባቢ ይሆናል። አዲሱ ሰማይ በዚያ ቦታ 110 ከሆነ፣ ይህ 150 ከቅጠሉም ከሰማዩም የደመቀ ሆኖ ይቀራልና ዐይን እንደ መስመር ያየዋል። Feather የሚያደርገው ይህን ድንበር ማስፋት ብቻ ስለሆነ መስመሩ ወደ ብርሃናማ ጭጋግ ይለወጣል፤ የባሰብዎትም ለዚህ ነው።

መፍትሔው ሰማዩ ነጭ መሆኑን ራሱን መጠቀም ነው። አዲሱን ሰማይ ከፎቶው በላይ እንደ ሌየር ያስገቡና የሌየሩን ሁነታ ከNormal ወደ Multiply ይለውጡ። Multiply የሁለቱን ሌየሮች ዋጋ አባዝቶ ለ255 ያካፍላል። ከሥሩ ያለው 255 ሲሆን አዲሱ ሰማይ ሳይነካ እንዳለ ይታያል። ያ አስቸጋሪው 150 ደግሞ በ110 ተባዝቶ ለ255 ሲካፈል 65 ይሆናል፤ በቅጠሉ 50 እና በሰማዩ 110 መካከል ስለሚያርፍ መስመሩ ይጠፋል። በስሌት ብንሄድ ትክክለኛው ዋጋ 80 መሆን ነበረበትና ጠርዙ በጥቂቱ ይጨልማል፤ ይሁን እንጂ ጥቁር ቅጠል ላይ ይህን ልዩነት የሚያይ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

አሁን ዛፎቹ ተስተካክለው እህትዎ ግን ከእግር እስከ ራሷ ሰማያዊ ሆና ያገኟታል። ስለዚህ የማስኩ ሥራ ሰማዩን ቆርጦ ማውጣት ሳይሆን ሰማዩ ሊያርፍበት የማይገባውን መከለል ነው። ይህን ልዩነት ከያዙ የሥራው ክብደት ግማሹ ይቀልልዎታል፤ ምክንያቱም በቅጠሎቹ ጠርዝ ላይ ማስኩ ትንሽ ቢዛነፍ Multiply ይሸፍንልዎታል፤ በሰውየዋ ጠርዝ ላይ ግን ምሕረት የለም።

ለዛፎቹ ማስኩን በእጅ መሣል አያስፈልግም፤ ፎቶው ራሱ ውስጥ አለ። ለጊዜው የአዲሱን ሰማይ ሌየር ይደብቁና ወደ Channels ይሂዱ፤ Red፣ Green እና Blue የሚሉትን አንድ በአንድ እየተጫኑ ቅጠሉ በጣም ጠቁሮ ሰማዩ ነጭ ሆኖ የሚታይበትን ይፈልጉ። ለአብዛኛው አረንጓዴ ቅጠል Blue ነው የሚሻለው። ባሕር ዛፍ ግን ለጋ ቅጠሉ ወደ ሰማያዊ ያደላ ግራጫ ስለሆነ፣ ለጋው በበዛበት ቦታ Red የተሻለ ልዩነት የሚያሳይበት አጋጣሚ አለና በልማድ ሳይሆን በዐይንዎ ይምረጡ። የመረጡትን ቻናል በቀኝ ተጭነው Duplicate Channel ይበሉ። ዋናውን ቻናል ፈጽሞ አይንኩ፤ እሱን ካበላሹ የፎቶው ቀለም ይበላሻል።

በቅጂው ላይ Ctrl+L ተጭነው Levels ይክፈቱ። የግራውን መንሸራተቻ 90 አካባቢ፣ የቀኙን 240 አካባቢ አድርገው ይጀምሩ። የሚፈልጉት ሰማዩ ንጹሕ ነጭ፣ የዛፉ መካከል ጥቁር፣ በጠርዙ ላይ ግን ግራጫው እንዳለ የሚቀርበትን ነጥብ ነው። ሁለቱን መንሸራተቻዎች እርስ በርስ ካስጠጓቸው ግራጫው ይጠፋል፤ ቅጠሎቹም በመቀስ የተቆረጡ ይመስላሉ። በዛፉ መካከል ለሚቀሩ ግራጫ ቦታዎች ብሩሹን በOverlay ሁነታ፣ ጥቁር ቀለም ይዘው ያልፉባቸው፤ በዚህ ሁነታ ብሩሹ ንጹሑን ነጭ ሳይነካ ግራጫውን ብቻ ያጠቁራል። ሲጨርሱ Ctrl ይዘው የቻናሉን ትንሽ ምስል ይጫኑ፤ ምርጫው ይወጣል። ወደ Layers ተመልሰው የሰማዩን ሌየር ያሳዩ፤ እሱ ላይ እንደቆሙ የማስክ ምልክቱን ይጫኑ።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ነጠላው ነው፤ የሥራዎ ዋና ጊዜ የሚያልፈውም እዚህ ነው። ነጭ ልብስን ከነጭ ሰማይ የሚለይ ቻናል የለም፤ በሦስቱም ነጭ ነው። የልብሱንና የፊቷን መካከል በትልቅ ጥቁር ብሩሽ ማስኩ ላይ ይሸፍኑት። ለጠርዙ ግን Pen Tool ይያዙ። ጠርዙ አይታየኝም ካሉ፣ የሰማዩን ሌየር ለጊዜው ደብቀው ከሁሉም በላይ ጊዜያዊ የLevels ሌየር ያስቀምጡና የግራውን መንሸራተቻ ወደ 200 ይግፉት። በጥላ ውስጥ ያለ ነጠላ ብዙ ጊዜ 225 እና 240 መካከል ስለሆነ፣ ከ255 ሰማይ ተለይቶ እንደ ግራጫ ቅርጽ ብቅ ይላል። በዚያ ላይ መስመሩን ከጠርዙ አንድ ፒክስል ያህል ወደ ውስጥ ገባ አድርገው ይሣሉ፤ ጊዜያዊውን ሌየር አጥፍተው የሰማዩን ሌየር መልሰው ያሳዩ፤ ከዚያ መስመሩን በ0.5 ፒክስል Feather ወደ ምርጫ ለውጠው ማስኩ ላይ ጥቁር ይሙሉበት። ጨርቁም ራሱ 255 የደረሰበት ቦታ ካለ ጠርዙ በፋይሉ ውስጥ የለምና፣ ከዚያው ዕለት ሌላ ፎቶ ላይ ነጠላዋ እንዴት እንደወደቀ አይተው እጥፋቱን ተከትለው ይሣሉት።

አንድ ነገር ግን ብዙዎች ይስቱታል። ነጠላ ሥሥ ነው፤ ሳይደረብ በወደቀበት ቦታና በዘርፉ ላይ ከጀርባው ያለው ብርሃን ያልፍበታል። ማስኩን እዚያ ድፍን ጥቁር ካደረጉት ሸማው እንደ ወረቀት ይደርቃል። በማስኩ ላይ ነጭ ብሩሽ Opacity 15% አድርገው በሥሡ ጠርዝ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ይለፉ፤ የሰማዩ ቀለም ጥቂት ሲገባበት ጨርቁ ነፍስ ይዘራል። በጥለቱ ላይ ግን አይለፉ፤ የጥለቱ ክር ወፍራም ስለሆነ ብርሃን አያሳልፍም።

ስለ ሰማዩ ምርጫ ጥቂት ልበል። ፎቶዎ በደመና ቀን የተነሳ ስለሆነ በእህትዎ ፊት ላይ የጠነከረ ጥላ የለም። ጥልቅ ሰማያዊ ሰማይ ከፀሐይ ጋር ብታስገቡበት ማስኩ የቱንም ያህል ቢያምር ውሸቱ ይታወቃል። የሣሣ ደመና ያለበት፣ ፈዘዝ ያለና ወደ አድማሱ እየነጣ የሚሄድ ሰማይ ይምረጡ፤ የሰማዩ ፎቶ አድማስም በእርስዎ ፎቶ አድማስ ላይ ይረፍ። ይህን የምለው ከራሴ ስሕተት ተምሬ ነው፤ ከእንጦጦ ወደ ከተማው፣ ማለትም ወደ ደቡብ በተነሳ የሠርግ ፎቶ ላይ የጀምበር ግባት ሰማይ በግራ በኩል አስገብቼ አልበሙ ከታተመ በኋላ የሙሽራው አጎት «ፀሐይ በቦሌ በኩል መጥለቅ ጀመረች እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ወደ ደቡብ ሲታይ ምዕራብ በቀኝ ነው፤ አልበሙን በራሴ ወጪ አሳተምኩት።

ሰማዩ አሁንም ከበደ የሚል ከሆነ በእሱ ላይ ብቻ የሚሠራ Levels ይጨምሩ። በሁለቱ ሌየሮች መካከል Alt ይዘው ሲጫኑ ማስተካከያው ከሰማዩ ጋር ብቻ ይታሠራል። ከታች Output Levels በሚለው የግራውን ከ0 ወደ 60 ያምጡት። የጀርባው ዛፍ ከፎከስ ውጪ ሆኖ ለስልሶ ከወጣ ሰማዩም ከዛፉ ስለሚርቅ ጥርት ብሎ ሊታይ አይገባውም፤ 6000 ፒክስል ስፋት ባለው ፎቶ ላይ ከ4 እስከ 8 ፒክስል Gaussian Blur ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። በመጨረሻም Add Noise በሚለው 1% ወይም 2%፣ Monochromatic ተመርጦ፣ የፎቶዎን ቅንጣት ያህል ይስጡት፤ ያለ ቅንጣት የገባ ሰማይ በትልቁ ሲታተም የተለጠፈ ፕላስቲክ ይመስላል።

ማስኩን ለመፈተን ሰማዩን ለጊዜው ይደብቁና በቦታው በዚያው ማስክና በMultiply ሁነታ ደማቅ ቀይ ድፍን ቀለም ያስቀምጡ። በ100% እያዩ ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር ይዙሩ። ነጠላው ላይ ቀይ ከፈሰሰ ማስኩ አልሸፈነም፤ በነጠላውና በቀዩ መካከል ነጭ ክር ከቀረ ደግሞ መስመርዎ ወደ ውጪ ወጥቷል። መስተዋትና መነጽር ካለም ይዩ፤ የድሮው ነጭ ሰማይ እዚያ ላይ ተንጸባርቆ ይቀራልና በሥሡ የአዲሱን ሰማይ ቀለም ያልብሱት።

በዚህ መንገድ የማይመለስ አንድ ነገር አለ። ሰማዩ በጣም ሲነጣ ብርሃኑ ቀጫጭን ቅርንጫፎችንና ከራስ ላይ የተነሱ ነጠላ ፀጉሮችን ይበላቸዋል። በዛፉ ጫፍ ላይ የተቆራረጠ ቅርንጫፍ ካዩ የማስኩ ጥፋት ስላልሆነ ማስኩን መልሰው መላልሰው አይነካኩ። በዚያ ቦታ ማስኩ ነጭ እንደሆነ ይተዉትና ከሥር ባለው ፎቶ ላይ በአዲስ ሌየር፣ ከቅርንጫፉ በወሰዱት ቀለም፣ በ2 ወይም በ3 ፒክስል ብሩሽ የጎደለውን ያገናኙት። ከሰማዩ ሌየር ሥር ስለሆነ Multiply እሱንም ያጠቁረዋል።