ገንዘብ ሲበዛ ሁለተኛ የሚንቀሳቀሰው መስመር የትኛው ነው? (ጥያቄና መልስ)

መምህሩ፦ እንደምን አመሻችሁ። እንደተባባልነው እስከ 4 ሰዓት አለሁ፣ የደሴ መብራት ከፈቀደ። የዛሬው ጉዳይ አንድ ሥዕል ነው፦ አጠቃላይ ፍላጎትና አጠቃላይ አቅርቦት፣ ብሔራዊ ባንክ ገንዘብ ሲያበዛ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፣ ማታውን ሙሉ ስደግመው ትሰሙኛላችሁ። መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው የፍላጎት መስመር ነው። ሁለተኛ የሚንቀሳቀሰው አጭሩ የአቅርቦት መስመር፣ ማለትም የአጭር ጊዜው አቅርቦት ነው። ቀጥ ብሎ የቆመው ረጅሙ መስመር፣ ማለትም የረጅም ጊዜው አቅርቦት፣ ቦታውን አይለቅም።

የሐረጎ ልጅ፦ ጋሼ፣ ገንዘብ ሲበዛ ፍላጎት ወደ ቀኝ ሄዶ ዋጋም ምርትም ይጨምራል። ከዚያ ምርቱ ወደ ድሮው የሚመለሰው ፍላጎት ወደ ግራ ስለሚመለስ ነው አይደል?

መምህሩ፦ አይደለም። በየዓመቱ ግማሹ ክፍል የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ኮምቦልቻ የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። ባንክ ብድር ሲያላላ ወለዱም ረገብ ይላል። ቤቱን ጀምሮ ያቆመው ሰው ሁሉ እንደገና ይጀምራል። ጓደኛዬ ጋ ትእዛዝ ይጎርፋል። አዲስ ለሚመጣው ደንበኛ ዋጋ ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ብረቱን ግን የገዛው በድሮ ዋጋ ነው። የበያጆቹም ደመወዝ መስከረም ላይ የተስማሙበት ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ በር የሚተርፈው ይጨምራል። ማታም ማሠራት ያዋጣዋል። ይህ በአጭሩ የአቅርቦት መስመር ላይ ሽቅብ መሄድ ነው፤ መስመሩ ራሱ ገና አልተነቃነቀም።

ከዚያ ብረቱ ያልቃል። አዲሱን ሊገዛ ሲሄድ ዋጋው ሌላ ነው። በያጁም መጥቶ «ጤፉ ጨምሯል፣ ኪራዩ ጨምሯል፣ በድሮው አልሠራም» ይለዋል። አሁን ያንኑ በር በዚያው ዋጋ ቢሸጥ አያዋጣውም። የማታ ሥራው ይቀራል። አጭሩ የአቅርቦት መስመር ወደ ላይ ወጣ ማለት ይህ ነው።

ፍላጎት ቢመለስ ኖሮ ዋጋውም አብሮ በተመለሰ ነበር። የበዛው ገንዘብ ግን የትም አልሄደም፣ ሰው እጅ ላይ ነው። የተመለሰው ምርቱ ብቻ ነው።

ሰኞ ገበያ፦ እኔ ቀብድ ተቀብዬ ነው የከሰርኩት! ለ6 ወር ሥራ በድሮ ዋጋ ተዋውዬ ብረቱ መሀል ላይ ጨመረብኝ። ደንበኛው «ወረቀቱ ይናገራል» አለኝ።

መምህሩ፦ አይዞህ። ሳታውቀው የሥዕሉን ልብ ነግረኸናል። አጭር ጊዜ የሚባለው ሁለት ወር ወይም ሁለት ዓመት ተብሎ አይቆረጥም። በድሮ ዋጋ የተያዘው ቀብድ፣ ደመወዝና ኪራይ እስኪያልቅ ድረስ ያለው ጊዜ ነው። ስኮትላንዳዊው ሂዩም እንኳ በፈረንጆቹ 1752 ያለው ይህንኑ ነው። ገንዘቡ ሲበዛ ሥራ የሚነቃቃው ገንዘቡ ከገባ በኋላ፣ ዋጋ ሁሉ ጨምሮ ሳያልቅ ባለው መሀል ላይ ብቻ ነው።

ሒሳብ ሹሟ፦ መስመር መሳል ለኔ አይሆንም። በቁጥር ሊሠራልን ይችላል?

መምህሩ፦ ደስ ይለኛል። ቁጥሩ ለማሳያ የመረጥኩት ነው፣ የአገር አኃዝ እንዳይመስላችሁ። ዋጋ 100፣ ምርትም 100 ላይ እንጀምር።

```
M × V = P × Y
Y = 100 + (P − Pe)
```

የላይኛው ፍላጎት ነው፤ የታችኛው አጭሩ አቅርቦት። M ገንዘቡ ነው፣ V ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞርበት ፍጥነት፣ P ዋጋ፣ Y ምርት። V አይለወጥም ብለን እንያዝ። Pe ሰው ሲዋዋል የጠበቀው ዋጋ ነው። 100 ማለት ደግሞ አገሪቱ ባላት ሰውና ማሽን በደህናው ቀን የምታመርተው፣ ማለትም ረጅሙ መስመር የቆመበት ቦታ ነው።

በመነሻው M × V 10,000 ነው። ገንዘብ በ21 በመቶ ይጨምርና 12,100 ይሁን። ሰው ግን አሁንም የጠበቀው 100ን ነው። ስለዚህ Y እና P እኩል ይሆናሉ፣ ብዜታቸው 12,100 ነው። ዋጋ 110፣ ምርት 110። ሁሉም የሚደሰትበት ጊዜ ይህ ነው።

በሚቀጥለው ዙር ሰው 110ን ጠብቆ ይዋዋላል። ስትፈቺው ዋጋ ወደ 115.1 ይወጣል፣ ምርት ወደ 105.1 ይወርዳል። ቀጥሎ 115.1ን ይጠብቃል፤ ዋጋ 117.8፣ ምርት 102.7። እንዲህ እያለ ዋጋው 121 ሲደርስ ምርቱ 100 ላይ ይቆማል። ገንዘቡ በ21 በመቶ ጨምሮ ነበር፣ ዋጋውም መጨረሻ ላይ በ21 በመቶ ጨመረ። በየዙሩ 12,100 አልተነካም፤ ፍላጎት ከቦታው አልተነቃነቀም። የተለወጠው Pe ብቻ ነው። የሐረጎ ልጅ፣ እያየህ ነው?

የሐረጎ ልጅ፦ እያየሁ ነው ጋሼ። አሁን ገባኝ።

ሒሳብ ሹሟ፦ ሠርቼ አየሁት፣ ልክ ነው። ግን ሰው ሁልጊዜ ባለፈው ዋጋ ነው እንዴ የሚዋዋለው? ሞኝ አደረጉት።

መምህሩ፦ ጥሩ ያዝሽኝ። አዎ፣ ለማቅለል ስል ትንሽ ሞኝ አድርጌዋለሁ። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ብርሃኑ ነኝ፦ ስለ አጠቃላይ ፍላጎትና አቅርቦት ሙሉውን ያብራሩልን።

መምህሩ፦ ወንድሜ፣ ይህ ጥያቄ አይደለም፣ የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ነው። ከላይ ያለውን አንብበህ ያልገባህን አንድ ቦታ ንገረኝ።

የእማማ ልጅ፦ ገንዘብ ማብዛት ማለት ያ በ2013 ብሩ የተቀየረው ነው? እናቴ ያኔ ባንክ ተሰልፋ ቀኑን ሙሉ ዋለች።

መምህሩ፦ ያ መቀየር ነው። አሮጌውን መቶ ሰጥቶ አዲስ መቶ መቀበል ገንዘቡን አያበዛውም። 200 ብር ኖት መውጣቱም በራሱ አያበዛውም። እናትሽን ሰላም በይልኝ።

አራዳ ሰፈር፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ይህ ሁሉ የፈረንጅ ሥዕል ነው። እኛ ጋ ምርት መቼ ጨመረ? ዋጋ ብቻ ነው የሚጨምረው። የኛ ችግር የነዳጅ፣ የማዳበሪያና የመንገድ ነው እንጂ የገንዘብ አይደለም።

ሰኞ ገበያ፦ እሱስ እውነት ነው። በርበሬ ከየት መጥቶ ነው እንዲህ የሆነው?

የባንክ ልጅ፦ ተው እንጂ! ገንዘብ ባይሆን ኖሮ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ባንኮች የሚያበድሩት በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ለምን ይገድብ ነበር? በሐምሌ 2016ስ የፖሊሲ ወለድ 15 በመቶ ብሎ ለምን ጀመረ?

አራዳ ሰፈር፦ ገደበ ማለት ምክንያቱ ያ ነው ማለት አይደለም። ሐኪም ፓራሲታሞል ሰጠህ ማለት ያመመህ የፓራሲታሞል እጥረት ነው?

የባንክ ልጅ፦ 😂 እሺ እሱን ወሰድኩ።

መምህሩ፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል። መለያው ይኸውላችሁ። ፍላጎት ሲገፋ በመጀመሪያው ጊዜ ዋጋና ምርት አብረው ይወጣሉ። ገበያው ይሞቃል፣ ሠራተኛ ይፈለጋል። ነዳጅ ወይም ማዳበሪያ ሲወደድ ግን የመጀመሪያው እንቅስቃሴ የአቅርቦት ነው። ዋጋ ይወጣል፣ ምርት ይወርዳል። ጓደኛዬ ዋጋ ጨምሮም ማታ ካሠራ ፍላጎት ነው። ዋጋ ጨምሮ ሁለት በያጅ ካሰናበተ አቅርቦት ነው።

እኛ አገር ሁለቱ ተደራርበው መጥተዋል። በጦርነቱ ጊዜ ደሴና ኮምቦልቻ የሆነውን እዚህ ያለ ሰው አይረሳውም፤ የቆመ ፋብሪካና የተዘጋ መንገድ የአቅርቦት ነገር ነው። ምርት በወደቀበት ገንዘብ ሲጨመርበት ዋጋ ላይ ሁለት ጊዜ ይገፋል። ከአጠቃላይ ንረቱ ስንቱ የየትኛው ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ በሥዕል አይለይም። ሥዕሉ አቅጣጫ ይነግራችኋል፣ ልክ አይነግራችሁም።

ፒያሳ 7፦ ጋሼ ዶላር ልግዛ ወይስ ወርቅ?

መምህሩ፦ አላውቅም። ቀጣይ።

የእማማ ልጅ፦ ገንዘቡ እንደሚበዛ ሁሉም ቀድሞ ካወቀስ? ደመወዝ ሊጨመር ነው ሲባል እኮ አከራያችን ገንዘቡ ሳይገባ ነው የጨመረብን።

መምህሩ፦ አከራይሽ ኢኮኖሚስት ናቸው! ሒሳብ ሹሟ፣ ያልሽኝ ይኸው መጣ። የደመወዝ ጭማሪ ሁልጊዜ ገንዘብ ማብዛት አይደለም፣ መንግሥት ከታክስ ሊከፍለው ይችላል። ነገሩ ግን አንድ ነው። ሁሉም ቀድሞ ካወቀና ውሉን በነጋታው መቀየር ከቻለ፣ Pe ወዲያው 121 ይሆናል። አጭሩ መስመር ከፍላጎቱ ጋር በአንድ ቀን ይነሳል። 110 የሚባል ምርት ሳይታይ ዋጋው 121 ይደርሳል።

በተግባር ግን ሁሉም እንደ አከራይሽ ፈጣን አይደለም። ኪራይ በአንድ ቃል ይቀየራል። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ አጭሩን ጊዜ በድሮ ዋጋ ተይዞ የሚሸከመው ደመወዝተኛው ነው።

በያጁ ራሱ፦ እኔ ግን ጥያቄ አለኝ። ገበያው በሞቀበት ጊዜ በብድር አዲስ ማሽን ገዛሁ። ገበያው ቢቀዘቅዝም ማሽኑ አለ። ታዲያ ያ ቀጥ ያለው መስመር ወደ ቀኝ አልሄደም?

መምህሩ፦ የማታው ምርጥ ጥያቄ። በመጽሐፉ ሥዕል አይሄድም። ገንዘብ ብዙ ማሽን አይወልድም፤ ረጅሙ መስመር በሰው፣ በማሽንና በሙያ ነው የሚቆመው። አንተ የገዛኸውን ማሽን ሌላው በተወደደ ዋጋ ሳይገዛ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

በያጁ ራሱ፦ ሊሆን ይችላል። ግን እኔ ጋ አንድ ልጅ በዚያው ጊዜ ብየዳ ተምሯል። እሱ ሙያውን አይረሳም።

አራዳ ሰፈር፦ ጎል!

መምህሩ፦ እሺ፣ ጎል ነው። በዚህ ላይ የኛም የኢኮኖሚክስ ሰዎች ይከራከራሉ፤ የሞቀ ገበያ ጥሎት የሚሄድ ነገር አለ የሚሉ አሉ። እኔ ትንሽ ነው ባይ ነኝ፣ አንተ ብዙ ነው ባይ ነህ። ፈተና ላይ ግን አታንቀሳቅሱት። ለምሩቅ ትምህርት አቆዩት።

ብርሃኑ ነኝ፦ ታዲያ ሁለተኛ የሚንቀሳቀሰው የትኛው መስመር ነው?

መምህሩ፦ ወንድሜ፣ ርዕሱን አንብብ። ከዚያ የመጀመሪያ መልሴን አንብብ። አጭሩ የአቅርቦት መስመር። አጭሩ። የአቅርቦት።

የሐረጎ ልጅ፦ ጋሼ ሣልኩት፣ ፎቶውን ለጠፍኩ። ቁመቱ ላይ «የዋጋ ንረት»፣ አግድሙ ላይ «ምርት» ብያለሁ። ልክ ነው?

መምህሩ፦ መስመሮቹ ልክ ናቸው፣ ጎበዝ። ስሙን ግን አስተካክል። ቁመቱ የዋጋ ደረጃ ነው፤ ንረት ብለህ አትጻፍ። 121 ደርሶ ከቆመ ዋጋው ተወዷል፣ ንረቱ ግን ዜሮ ነው። ንረት በየዓመቱ እንዲኖር ገንዘቡም በየዓመቱ መጨመር አለበት፤ ያኔ ፍላጎትም አጭሩ አቅርቦትም እየተከታተሉ ሲወጡ ትስላለህ። አንድ ነገር ደግሞ ረስተሃል፦ 110 ላይ ያለውን ነጥብ ፊደል አልሰጠኸውም። ፈታኙ ሦስት ነጥብ ይፈልጋል፣ አንተ ሁለት ነው ያደረግከው። መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ነው፣ አስተካክለህ ነገ ላክልኝ።