የዘጋን አልጎሪዝሙ ነው ወይስ ምርጫችን? ለመመረቂያ ጽሑፍ ለምትዘጋጂው እህቴ

«ሰላም ለሁላችሁ። የጋዜጠኝነትና ኮሙዩኒኬሽን የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ፌስቡክ ሰውን የራሱን ወገን ሐሳብ ብቻ እያሳየ እንዴት እንደሚያከርረው በመመረቂያ ጽሑፌ ላሳይ አስቤአለሁ። የተለያየ አቋም ያላቸውን የሁለት ሰዎች ስልክ ጎን ለጎን ባነጻጽር ይበቃል? በዚህ ላይ የሠራ ካለ ልምዱን ያካፍለኝ።»

እህቴ፣ በዚሁ ርዕስ ላይ ሠርቼ ተመርቄአለሁ። እኔ ያየሁት መከራ በአንቺ እንዳይደገም ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። የማጣሪያ አረፋ ማለት ጽሑፎችን መርጦ የሚደረድርልን የኮምፒውተር ቀመር፣ አልጎሪዝሙ፣ የምንወደውን ብቻ እያሳየ የሚዘጋብን ክበብ እንደሆነ፣ ቃሉን ያስተዋወቀው ጸሐፊ ኢላይ ፓሪሰርም በ2011 ምን እንዳለ ታውቂዋለሽና አልመለስበትም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

1. የሁለቱን ሰዎች ስልክ ማነጻጸሩን ተዪው። ልዩነት እንደምታገኚ ጥርጥር የለውም፤ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ግን አታውቂም። አንደኛው የሚከተላቸው ገጾች ሌላው ከሚከተላቸው ይለያሉ፤ ዘመዶቻቸው፣ የተማሩበት ቦታ፣ የሥራ ባልደረቦቻቸውም እንዲሁ። አልጎሪዝም የሚባል ነገር ጨርሶ ባይፈጠር እንኳ ሁለቱ ስልኮች አይመሳሰሉም ነበር። ማነጻጸር ያለብሽ አንዱን ሰው ከራሱ ጋር ነው።

የፌስቡክ መተግበሪያ ውስጥ `Feeds` የሚል ክፍል አለ። ሰውየው የሚከተላቸውን ገጾች፣ ጓደኞቹንና የገባባቸውን ቡድኖች፣ በተጻፈበት ሰዓት ቅደም ተከተል ያሳያል። `Home` የሚለው ደግሞ አልጎሪዝሙ መርጦ የደረደረው ነው፤ ሰውየው ያልተከተላቸውንም ይጨምርበታል። በአንድ ስልክ፣ በአንድ ሰዓት፣ ከሁለቱም ክፍሎች የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ ሃምሳ ጽሑፎች ቅጂ ያዢ። `Feeds` ላይ የምታዪው መዘጋት በመጀመሪያ ደረጃ የሰውየው ምርጫና የዙሪያው ነው። `Home` ላይ ከዚያ የተጨመረውና የተቀነሰው የአልጎሪዝሙ እጅ ነው። አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ `Home` የቀናት ዕድሜ ያለውን ጽሑፍ ወደ ላይ ያመጣል፤ ስለዚህ የእያንዳንዱን ጽሑፍ ቀን ካልመዘገብሽ፣ የቆየ በመሆኑ ብቻ `Feeds` ላይ ያጣሽውን ጽሑፍ አልጎሪዝሙ የጨመረው አድርገሽ ትቆጥሪዋለሽ።

ይህን ካደረግሁላቸው ፈቃደኞች መካከል አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበሩ። `Feeds` ሲከፈት ከላይ እስከ ታች አንድ ወገን ብቻ ነበር፤ ያንን ያደረገ አልጎሪዝም ሳይሆን እርሳቸው ለዓመታት በገዛ እጃቸው የመረጧቸው ገጾች ናቸው። `Home` ላይ ስንሄድ ኳስ፣ ቀልድ፣ የምግብ አሠራር ገባ፤ ከተቃራኒው ወገንም ጽሑፎች ነበሩ። ከተቃራኒው ወገን የመጡት ግን በአብዛኛው የእርሳቸው ጓደኞች «እዩልኝ እነዚህን!» እያሉ ለቁጣ ያጋሯቸው፣ ከሥራቸው ስድብ የተቆለለባቸው ነበሩ። መምህሩ የሌላውን ወገን ድምፅ በየቀኑ ይሰማሉ፤ የሚሰሙት ግን እጅግ የከረረውን ነው። «የራሱን ወገን ሐሳብ ብቻ እያሳየ» የሚለው አነጋገርሽ ይህን ሰው ፈጽሞ አይገልጸውም። ርዕስሽን ከአሁኑ አስተካክዪው።

2. ጥያቄሽን ሦስት ቦታ ክፈይው። የሰውየው ዙሪያ ምን ያቀርብለታል? ከቀረበው ውስጥ አልጎሪዝሙ ምኑን ያሳልፍለታል? ያየውስ በአስተሳሰቡ ላይ ምን ይለውጣል? ሰው ሁሉ በየቡና ቤቱ ሦስቱን አንድ አድርጎ ያወራል። የመጀመሪያው ስለታየ ብቻ ሦስተኛው የተረጋገጠ ይመስለዋል።

በ2015 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው የፌስቡክ ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅምሻል። የፖለቲካ አቋማቸውን በገጻቸው ላይ የጻፉ 10.1 ሚሊዮን አሜሪካውያንን ተከታትሏል። አልጎሪዝሙ ጓደኞቻቸው ካጋሩት የተቃራኒ ወገን ዜና ውስጥ ለወግ አጥባቂዎቹ 5 በመቶ፣ ለሊበራሎቹ 8 በመቶ ያህል ቀንሷል። ትልቁ ቅነሳ የመጣው ከዚያ በፊት ጓደኛ ሲመርጡ ነው። ከታያቸው ውስጥ ከፍተው ለማንበብ ሲመርጡ ደግሞ እንደገና ይቀንሳል፤ ለወግ አጥባቂዎቹ 17፣ ለሊበራሎቹ 6 በመቶ። ብዙዎች ይህንን ጠቅሰው «ጥፋቱ የሰዎቹ እንጂ የአልጎሪዝሙ አይደለም» ይላሉ። ቁጥሩን አንብቢው እንጂ የሰዎችን ማጠቃለያ አትቅጂ፦ ለሊበራሎቹ አልጎሪዝሙ የቀነሰው ራሳቸው ከቀነሱት ይበልጣል። ጥናቱን የሠሩትም የፌስቡክ ሠራተኞች ናቸው፤ አቋሙን በገጹ ላይ የሚጽፍ ሰውም ከተራው ተጠቃሚ ይለያል።

3. ሦስተኛውን ጥያቄ በሙከራ እንጂ በቆጠራ አትመልሺውም። በ2023 በሳይንስና በኔቸር መጽሔቶች የወጡትን፣ በ2020 የአሜሪካ ምርጫ ወቅት የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከፌስቡክ ባለቤት ከሜታ ጋር የሠሯቸውን ሙከራዎች ሳታነቢ የጥናት ሐሳብሽን እንዳታስገቢ። እኔ እነዚህን ይዤ ነው ፍዳዬን ያየሁት።

የነበርኩበት ተቋም የጥናት ሐሳብ የሚያጸድቅ ኮሚቴ ነበረው። የቀረብኩት በደንብ ተዘጋጅቼ ነው። በአንደኛው ሙከራ ለሦስት ወር የአልጎሪዝሙ ድርደራ ተነሥቶ ጽሑፎች በሰዓት ቅደም ተከተል ብቻ እንዲታዩ ተደርጓል። ሰዎቹ ፌስቡክ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ ቀነሰ፤ የፖለቲካውና ምንጩ የማይታመነው ጽሑፍ ግን ጨመረ። በሌላው ሙከራ ከ23 ሺህ በላይ ሰዎች ከራሳቸው ወገን የሚያዩት ጽሑፍ በአንድ ሦስተኛ ያህል ተቀነሰላቸው። በሁለቱም አቋማቸው አልረገበም፤ ለሌላው ወገን ያላቸው ጥላቻም እንደነበረ ነው። ይህን እያስረዳሁ ሳለ የኮሚቴው ሰብሳቢ ወረቀቴን ገፋ አደረጉና «ሶሻል ሚዲያ አገር እንዳመሰ ሕፃን ልጅ ያውቃል፤ ለውጥ የለም የሚል ጥናት ጥናት አይባልም» አሉኝ። ከጎናቸው የተቀመጡት አንዲት ቃል አልተነፈሱም። መዝገቤን ያስቀመጠው ቢሮ ደግሞ ስመላለስ «ሰብሳቢው አልፈረሙም» ከማለት በቀር ቀና ብሎ አላየኝም። ግማሽ የትምህርት ዘመኔ እዚያ በር ላይ አለቀ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ለውጥ አለመገኘቱ ራሱ ግኝት ነው። ሃያ ሺህ ሰው ተሳትፎበት ለውጥ ካልታየ፣ የምንወቅሰው ነገር ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት ማለት ነው።

እኔም አልተውኳቸውም። እንደገና ስቀርብ የቦስኒያን ጥናት ይዤ ገባሁ። በ2019 የስሬብሬኒጻ እልቂት በሚታሰብበት ሳምንት ተመራማሪዎች የቦስኒያና ሄርዞጎቪና ፌስቡክ ተጠቃሚዎችን በዕጣ ከፍለው ከፊሎቹን አካውንታቸውን እንዲያጠፉ አደረጉ። ፌስቡክ የብሔር ጥላቻን የሚያባብስ ከሆነ ያጠፉት መለሳለስ ነበረባቸው። የሆነው ተቃራኒው ነው፦ ያጠፉት ሰዎች ለሌላው ብሔር ያላቸው ግምት ካላጠፉት ይልቅ ወረደ። ይህ በተለይ የታየው በዙሪያቸው የገዛ ብሔራቸው ሰው ብቻ ባላቸው ላይ ነው። ስልኩን ሲዘጉ የቀራቸው ጎረቤትና ዘመድ ነው፤ እሱም አንድ ዓይነት ነው። ይህን ስናገር ቀደም ሲል ዝም ካሉት አንዱ መምህር «እኛስ ሠፈራችን ከስልካችን ይሻላል?» ብለው ጠየቁ፤ ክርክሩ በዚያው ተገለበጠ። ሐሳቤ ጸደቀ፤ ኋላም ፈታኞቼ ያመሰገኑት ይኸንኑ ምዕራፍ ነው። በዚህ እኮራለሁ።

ሁለት ነገር ሳልነግርሽ ግን አላልፍም።

እንደ እኔ በግትርነት ስትከራከሪ ወደ ሌላው ጫፍ እንዳትሄጂ። በ2020 ምርጫ ወቅት የተደረጉት ሙከራዎች «አልጎሪዝም ንጹሕ ነው» አይሉም። የፈጁት ሦስት ወር ነው፤ ሰው የሚከርረው በዓመታት ሊሆን ይችላል። የተካሄዱት አሜሪካ ውስጥ፣ አቋሙ ቀድሞ በደነደነ ሕዝብ ላይ፣ ምርጫው በጋለበት ሰሞን ነው። በዚያ ላይ ሌሎች ተመራማሪዎች በ2024 እንዳሳዩት ፌስቡክ ያኔ ለምርጫው ብሎ ጊዜያዊ እርምጃ ወስዶ የማይታመኑ ዜናዎችን ከተራው ተጠቃሚ ገጽ ላይ ቀንሶ ነበር። ለማነጻጸሪያ የተወሰደው «ተራ» ገጽ በዘወትር ቀን ከሚታየው የተሻለ ነበር ማለት ነው። የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ጽሑፍ የሚደረደርበትን መንገድ ከእነዚህ ጥናቶች አትገምቺም። ይህንን በጥናትሽ ውስንነት ክፍል ውስጥ በግልጽ ጻፊው፤ ፈታኝ ከመጠየቁ በፊት።

ሁለተኛው፣ «መፍትሔው ሌላውን ወገን ማሳየት ነው» የሚል ምዕራፍ ከጻፍሽ ይዘው ያስጨንቁሻል። በ2018 የታተመ የትዊተር ሙከራ አለ። ሪፐብሊካንና ዴሞክራት ተጠቃሚዎች ገንዘብ ተከፍሏቸው ለአንድ ወር የተቃራኒ ወገን መልእክቶችን የሚያሠራጭ አካውንት እንዲከተሉ ተደረገ። ሪፐብሊካኖቹ ይብሱን ወግ አጥባቂ ሆኑ፤ በዴሞክራቶቹ ላይ የታየው ለውጥ በስታቲስቲክስ ሚዛን የሚነሣ አልነበረም። የነገርኩሽን መምህር አስታውሺ፤ የተቃራኒውን ድምፅ ማግኘት ሳይሆን በምን መልክ እንደሚደርሳቸው ነበር ችግሩ።

አሁን ብጀምር ኖሮ ፌስቡክን ከቴሌግራም ጋር አጣምሬ ነበር የምሠራው። የቴሌግራም ቻናልና ቡድን ውስጥ መልእክት የሚመጣው በተላከበት ሰዓት ነው፤ መርጦ የሚደረድር የለም። ነገር ግን እኔ ካየኋቸው ሁሉ እጅግ የተዘጉት፣ የተለየ ሐሳብ የጻፈ ሰው ወዲያው የሚባረርባቸው፣ እነዚሁ ቡድኖች ናቸው። ያለ አልጎሪዝም የገደል ማሚቶ፣ ሰው የራሱን ወገን ድምፅ ብቻ መልሶ የሚሰማበት ቦታ፣ እንዴት እንደሚፈጠር በዓይንሽ ታዪበታለሽ። የአንዱን ሰው `Feeds`፣ `Home` እና ቴሌግራም በሦስት ዓምድ ብታስቀምጪ፣ ምርጫና አልጎሪዝም የሚለያዩበት ቦታ በራሱ ይወጣልሻል። ለግል ቡድኖች የአባላትን ፈቃድ በጽሑፍ ያዢ። ጽሑፎቹን በወገን የሚመድቡልሽ ሁለት ሰዎች ይሁኑ፤ አንዱ የሌላውን ሳያይ ይመድብ፤ ምን ያህል እንደተስማሙም አስይ። ስምምነታቸው ካነሰ ደንቡን አስተካክለሽ እንደገና አስመድቢ፤ በተለይ ምጸት ያለበት ጽሑፍ ያጣላቸዋል፤ ለእሱ የተለየ ዓምድ አበጂለት። እኔ የተጠቀምኩበት የመመደቢያ ቅጽ አለኝ፤ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና እልክልሻለሁ።