ማርማላታ፣ ማርና ሲረፕ፦ ለደብዳቤዎቻችሁ መልስ

«የገዛሁት ማር ረግቶ አሸዋ መሰለ። ስኳር ቀላቅለውበት ይሆን?»

መርጋቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ንጹህ ማርም ይረጋል። ጠርሙሱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁመው፣ ቀስ እያለ ይፈታል። የፈላ ውሃ አይደለም፣ ለብ ያለ።

«ሁለት ልጆች አሉኝ። ‹ስኳር አልተጨመረበትም› የሚለው የእንጆሪ ማርማላታ ዋጋው ከተራው እኩል ነው፣ ጠርሙሱ ግን ትንሽ ነው። ለጤናቸው ስል እሱን ልግዛ?»

አይ፣ ይህኛውን አትግዢው። ምክንያቱን ግን ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ጠርሙሱ ላይ ባለ እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ የሚታለለው ለልጁ የሚጨነቅ ወላጅ ነው፣ እሱ ደግሞ በጣም ያናድደኛል።

የሁለቱንም ጀርባ ፎቶ ስለላክሽልኝ አመሰግናለሁ። ተራው 450 ግራም ነው፣ በ100 ግራም ውስጥ 60 ግራም ስኳር አለው። ሌላኛው 280 ግራም ነው፣ በ100 ግራም 48 ግራም ስኳር አለው። ታዲያ ካልተጨመረበት 48 ግራሙ ከየት መጣ? ዝርዝሩ ላይ ከእንጆሪው ቀጥሎ የተጻፈውን እይው፦ «የወይን ጭማቂ ኮንሰንትሬት»። የወይን ጭማቂ ውሃው ሲተን የሚቀረው በአብዛኛው ስኳር ነው። ድርጅቱ ከከረጢት ስኳር አልጨመርንም ማለቱ ውሸት አይደለም፣ የልጆችሽ ጥርስና ሰውነት ግን ልዩነቱን አያውቁትም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ የጭማቂ ኮንሰንትሬትን፣ ማርንና ሲረፕን ከተራ ስኳር ጋር አንድ ላይ ነው የቆጠራቸው። ሁሉም ተደምረው በቀን ከምናገኘው ጉልበት ከ10 በመቶ በታች ይሁኑ ይላል። በቀን 1500 ካሎሪ ለሚበላ ልጅ ይህ ወደ 37 ግራም ገደማ ነው።

አሁን ዳቦው ላይ እንምጣ። ሞላ ያለ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማርማላታ 20 ግራም ያህል ይመዝናል። ከተራው ልጅሽ 12 ግራም ስኳር ያገኛል፣ ከሌላኛው 9.6 ግራም። ልዩነቱ 2.4 ግራም ነው፣ የሻይ ማንኪያ ግማሽ ገደማ። ተራውን ማርማላታ ትንሽ ሳሳ አድርገሽ፣ 20 ግራም ሳይሆን 16 ግራም ብትቀቢ፣ ስኳሩ ያው 9.6 ግራም ነው። ለዚህ ብለሽ ግን በእያንዳንዱ ግራም 1.6 እጥፍ ትከፍያለሽ (450ን ለ280 አካፍይው)። በቀን ለሁለቱ 40 ግራም ከቀባሽ ትልቁ ጠርሙስ 11 ቀን ይሄዳል፣ ትንሹ በሳምንቱ ያልቃል።

ሌላም አለ። የይዘት ዝርዝር የሚጻፈው ከብዙ ወደ ትንሽ በክብደት ነው። ስለዚህ ፍሬው መጀመሪያ እንዲመጣ ስኳሩን ከፋፍለው የሚጽፉ አሉ፦ «እንጆሪ 38 በመቶ፣ ስኳር፣ ግሉኮስ ሲረፕ፣ የፖም ጭማቂ ኮንሰንትሬት»። እያንዳንዳቸው ከ38 ያንሳሉ፣ ሲደመሩ ግን ከፍሬው ሊበልጡ ይችላሉ። ይህን ሁሉ ስም መሸምደድ አያስፈልግሽም። ሰንጠረዡ ላይ «ከካርቦሃይድሬት ውስጥ ስኳር» የሚለውን መስመር በ100 ግራም ሂሳብ ብቻ እይ፣ እዚያ ሁሉም ተደምሮ ነው የሚገኘው። «በአንድ ጊዜ መመገቢያ» የሚለውን ዓምድ እለፊው፤ አንዱ 15 ግራም ይላል፣ ሌላው 20፣ እሱን ይዘሽ ማወዳደር አትችይም።

በእውነት ስኳሩ ያነሰ ማርማላታ የለም ወይ? አለ። በ100 ግራም ከ40 በታች ሆኖ የፍሬው መጠን ከፍ ያለ ከሆነና ዋጋውን ከቻልሽው ግዢው። አንድ ነገር ግን እወቂ፦ ማርማላታን ከሻጋታ የሚጠብቀው ስኳሩ ነው፣ ውሃውን ይዞ ስለሚያስቀረው። ስኳሩ ሲቀንስ ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥና ቶሎ ማለቅ አለበት። በንጹህና ደረቅ ማንኪያ ቅጂ። ከሻገተ ላዩን ጠርጎ መብላት የለም፣ ሻጋታው ከሚታየው በላይ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ጣይው። ትልቅ ጠርሙስ ገዝቶ ግማሹን መጣል ደግሞ ከሁሉም የባሰ ውድ ነው።

«የሚቀባ ቸኮሌትስ? ለውዝ ስላለው ይሻላል ብዬ ነበር።»

ዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ ምን እንደተጻፈ እዩ። ብዙውን ጊዜ ስኳር ነው፣ ከዚያ ዘይት። ለውዙን ከፈለጋችሁ ዝርዝሩ ላይ «ኦቾሎኒ» ብቻ የሚል የኦቾሎኒ ቅቤ ግዙ። ዘይቱ ከላይ ቢንሳፈፍ አልተበላሸም፣ አማስሉት።

«የ9 ወር ልጅ አለችን። አያቷ ንጹህ ማር ካገኘን በጣት እናቅምሳት ይላሉ።»

በፍጹም። አንድ ዓመት ሳይሞላት ማር አይሰጣትም፣ ምንም ያህል ንጹህ ይሁን፣ ምንም ያህል ውድ ይሁን። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል። የትልቅ ሰው አንጀት ይቋቋመዋል፣ የጨቅላ አንጀት ግን አይችለውም፣ ባክቴሪያው እዚያ የሚያወጣው መርዝ ጡንቻ ያዝላል። ቤት ውስጥ ማፍላትም ዘሩን አይገድለውም። እማማን በአክብሮት አስረዱልኝ፣ ለልጅ ልጃቸው ብለው እንደሆነ አውቃለሁ። ቀምሳ ከሆነና ሆዷ ከደረቀ፣ ጡት መሳብ ካቃታት፣ ለቅሶዋ ከደከመ ወይም ሰውነቷ ከዛለ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ውሰዷት።

«አባቴ ስኳር አለባቸው። የአጋቬ ሲረፕ ግን ስኳራቸውን ከፍ አያደርግም ብለው ሸጡልኝ። እውነት ነው?»

ግማሽ እውነት ነው፣ እሱ ነው አደገኛው። አጋቬ በአብዛኛው ፍሩክቶስ የሚባለው የስኳር ዓይነት ስለሆነ የደም ስኳርን እንደ ተራ ስኳር ቶሎ አያወጣውም። ነገር ግን በ100 ግራም ወደ 70 ግራም ገደማ ስኳር አለው፣ ጉልበቱም ስኳሩም ይቆጠራል። «አያወጣም ተብሏል» እየተባለ በማንኪያ ሲደጋገም ደግሞ መጠኑ ይጠፋል። ሌላው፣ ስኳራቸው ድንገት ቢወርድ አጋቬ አይሆንም፣ ቀርፋፋ ነው፤ ያኔ ግሉኮስ ወይም ተራ ስኳር ነው የሚያስፈልገው። ኢንሱሊን ወይም ኪኒን ከወሰዱ ይህን ጠርሙስ ይዘህ የሚከታተላቸውን ሐኪም አነጋግር። እኔ ከዚህ ሆኜ መጠን ልነግርህ አልችልም፣ ሻጩም እንደዚያው።

«ሁለቱም ማር ይመስላሉ፣ አንዱ ግን በግማሽ ዋጋ ነው። ምን ይሻለኛል?»

አዙረው ያንብቡ። የማር ዝርዝር አንድ ቃል ነው፦ ማር። «ግሉኮስ ሲረፕ፣ ማር 5 በመቶ፣ ማጣፈጫ፣ ቀለም» ካለ የማር ጣዕም ያለው ሲረፕ ነው። ለኬክ ከፈለጉት ችግር የለውም፣ ይግዙት፣ በማር ዋጋ ግን አይክፈሉበት። ስኳር ይቀንሳል ብለውም አይምረጡት፤ ማር በ100 ግራም 80 ግራም ገደማ ስኳር አለው፣ የሲረፑን ደግሞ ሰንጠረዡ ላይ አይተው ያወዳድሩ።

ዋጋ ሲያወዳድሩ ደግሞ መጠኑ በግራም ነው ወይስ በሚሊ ሊትር የሚለውን ይዩ። ማር ከውሃ ይከብዳል፣ አንድ ሊትሩ ወደ 1.4 ኪሎ ይመዝናል። «500 ግራም» የሚል ጠርሙስና «500 ሚሊ ሊትር» የሚል ጠርሙስ እኩል አይደሉም፣ ሁለተኛው ውስጥ 700 ግራም ገደማ አለ። ሁለተኛው ዋጋው ከመጀመሪያው 1.4 እጥፍ እስካልደረሰ ድረስ የሚረክሰው እሱ ነው።