ዝናብ ሲጥል የሚወድቀው ብሬከርና ጫፍ ለጫፍ የተቀጠሉት መብራቶች

«ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር አነስተኛ የዓሣ ቤት አለኝ። ግቢው ላይ እያንዳንዱ 10 ሜትር የሆነና 20 አምፖል ያለው የጌጥ መብራት ስድስት ገመድ ጫፍ ለጫፍ ቀጥዬ ከአንድ ዲቫይደር ሰክቻለሁ። አምፖሎቹ ባለ 25 ዋት ናቸው። የማንጎው ግንድ ላይም ነጭ የገና መብራት ጠምጥሜያለሁ። ዝናብ በጣለ ምሽት ብሬከሩ ስለሚወድቅ ሠራተኛ ጠርቼ ባለ 16ቱን በባለ 32 አምፔር አስቀየርኩት። አሁን አይወድቅም፤ ነገር ግን ዲቫይደሩ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል፣ የመጨረሻዎቹ አምፖሎች ይደበዝዛሉ፣ ትናንት ደግሞ የብረት ምሰሶውን ስነካ ነዘረኝ። የሐይቁ ነፍሳትም እንግዶቼን አላስቀመጡም። ምን ላድርግ?»

ይህን እንዳነበቡ የዚያን መስመር ብሬከር ያጥፉ፤ ምሰሶው ለምን እንደነዘረዎ ሳይታወቅ መልሰው አያብሩት። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ከገለጹልኝ ምልክቶች ተነሥቼ ስገምት፣ ግቢዎ ውስጥ ያለው ብልሽት አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። በደረቅ ምሽትም ሆነ በዝናብ ምሽት የሚያበሩት አምፖል ብዛቱ ያው ስለሆነ፣ ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚወድቅ ብሬከር የወደቀው በጭነት ብዛት አይደለም። ውሃ በገባበት መጋጠሚያ በኩል ኤሌክትሪክ ወደ ምሰሶውና ወደ መሬት እየሾለከ ነው። የተነቀለው ብሬከር ትንሽ የመሞከሪያ ቁልፍ ፊቱ ላይ ካለው፣ ከ30 ሚሊ አምፔር ጀምሮ ሹልከትን ለይቶ የሚያቋርጥ ዓይነት ነበር ማለት ነው። እውነቱን ሲነግርዎ የነበረውን መሣሪያ ሠራተኛው ነቅሎ ሹልከትን የማያውቅ ብሬከር ተከለልዎ። ነቅሎ የጣለው የት እንዳለ ይፈልጉ፤ ጤነኛ ከሆነ ወደ ቦታው ይመለሳል። ባለ 32ቱ ግን ለጌጥ መብራት መስመር በምንም ምክንያት አይሆንም።

ሽታውና መደብዘዙ ሁለተኛው ብልሽት ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት ልዘግይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ብሬከሩ እስካልወደቀ ድረስ ገመዱ ደኅና ነው ብሎ ያምናል። ብሬከር የሚጠብቀው በግድግዳው ውስጥ ያለፈውን ወፍራም ሽቦ እንጂ እርስዎ ከሶኬቱ በኋላ የዘረጉትን ቀጭን ገመድ አይደለም። ሃያ አምፖል በ25 ዋት ሲባዛ 500 ዋት ነው፤ ይህን ለ220 ቮልት ብናካፍለው ለአንዱ ገመድ 2.3 አምፔር ገደማ ይደርሰዋል። ስድስቱ ገመዶች በድምሩ 3,000 ዋት፣ ማለትም 13.6 አምፔር ይሆናሉ። ባለ 16 አምፔር ብሬከር ይህን ጭነት ያለ ቅሬታ ይሸከመዋል። ይሁን እንጂ ገመዶቹ ጫፍ ለጫፍ የተቀጠሉ በመሆናቸው፣ የስድስቱም ኤሌክትሪክ በሙሉ በመጀመሪያው ገመድ፣ በተለይም ከስፒናው እስከ መጀመሪያው አምፖል ባለችው አጭር ቁራጭ ውስጥ ያልፋል። ስድስት ቤት በአንድ ቀጭን ቧንቧ ውሃ ሲቀዳ ሁሉም ውሃ በቧንቧው አፍ ማለፉ እንደማይቀር ማለት ነው። የእነዚህ ገመዶች ሽቦ ብዙ ጊዜ ውፍረቱ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ስለሆነ 6 አምፔር ገደማ ቢሸከም ነው፤ እርስዎ ከእጥፍ በላይ ጭነውበታል። ሙቀቱ ደግሞ የሚያድገው በአምፔሩ ልክ ሳይሆን በአምፔሩ ካሬ ነው፤ አምፔሩ 2.27 እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ ከአምስት እጥፍ ያልፋል። መደብዘዙም ከዚሁ የመጣ ነው፤ በስድሳ ሜትር ቀጭን ሽቦ ውስጥ 19 ቮልት ያህል በመንገድ ስለሚቀር የመጨረሻው አምፖል የሚደርሰው 200 ቮልት ገደማ ብቻ ነው፤ የክር አምፖል በዚህ መጠን ሲወርድበት ብርሃኑ ሩብ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ የመደብዘዙ መንስኤ የአምፖሎቹ ጥራት ማነስ አይደለም፤ አምፖሎቹ የመጀመሪያው ገመድ መሞቁን በሩቅ ሆነው እየነገሩዎት ነው።

ዲቫይደሩን ይጣሉት እንጂ አይጠግኑት። ገበያ ላይ የሚሸጡት ርካሾቹ ላያቸው ላይ 16 አምፔር ቢጻፍባቸውም ውስጣቸው ነሐስ መስሎ የተቀባ ብረት ነው፤ አነስተኛ ማግኔት ወደ ስፒናው እግር አስጠግተው ይሞክሩ፣ ከተጣበቀ ነሐስ አይደለም። ሽቦውንም በቢላ ፋቅ አድርገው ይመልከቱ፤ ከቀዩ ልባስ በታች ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ስለሆነ ከተጻፈበት ልክ ያነሰ ይሸከማል። ርካሽ ዕቃ ገዝቶ ውድ ግቢ ማቃጠል በሙያዬ ከሚያናድዱኝ ነገሮች አንዱ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ብሬከሩን አጥፍተው፣ ስፒናዎቹን ነቅለው፣ በቴስተር ካረጋገጡ በኋላ ስድስቱንም ገመድ ከማውረድዎ በፊት ይፈትሹ። መጋጠሚያዎቹ በናስትሮ ተጠቅልለው ያገኟቸዋል ብዬ እገምታለሁ። ናስትሮ ለዝናብ መከላከያ አይሆንም፤ ውሃው በስንጥቁ ይገባል፣ ናስትሮው ደግሞ እንዳይደርቅ ይይዘዋል። ገመዱ ከምሰሶው ጋር በቀጭን ሽቦ የታሰረበትን ቦታ ሁሉ በዓይንና በጣት ይፈትሹ፤ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ገመዱን ሲወዛውዘው ያ ማሰሪያ ሽፋኑን እየበላ ወደ መዳቡ ይደርሳል፣ ምሰሶውን የሚያነዝረውም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። እርግጠኛ ለመሆን አምፖሎቹን አውጥቶ በሁለቱ ሽቦዎችና በምሰሶው መካከል የሽቦ ሽፋን መለኪያ በሆነው ባለ 500 ቮልት ሜገር ማስለካት ይገባል፤ ንባቡ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ ያ ገመድ ከቤት ውጭ አይሰቀልም። ተራው መልቲ ሜትር ይህን ሹልከት ላያየው ይችላል።

አዲስ ገመድ ሲገዙ ማሸጊያው ላይ አይፒ ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር ይመልከቱ። ሁለተኛው አሃዝ ስለ ውሃ ይናገራል። አይፒ 20 ለሳሎን ብቻ የተሠራ ስለሆነ በረንዳ ላይ እንኳ አይሰቀልም። አይፒ 44 ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውሃን ይቋቋማል፤ ለጣሪያ ጠርዝና ለዛፍ ሥር ይበቃል። ሐይቁ ዳር ከሰኔ እስከ መስከረም በነፋስ የሚገፋ ዝናብ ስለሚመታው ለግቢው መሐል እኔ አይፒ 65 እመርጣለሁ። ቁጥሩ የሚሠራው ግን ዕቃው ከፋብሪካ እንደወጣ ሳይነካ ሲቀር ነው፤ ገመዱን ቆርጠው በናስትሮ ካያያዙት ወይም አምፖሉ ሥር ያለችውን የጎማ ቀለበት ከጣሏት ቁጥሩ ባዶ ጽሑፍ ይሆናል። አምፖሎቹም ወደ ታች ይንጠልጠሉ፤ ወደ ላይ የዞረ ሶኬት ውሃ ያቁራል።

ባለ 25 ዋቶቹን ባለ 2 ዋት ኤልኢዲ ይተኩዋቸው። አንዱ ገመድ 40 ዋት፣ ስድስቱ 240 ዋት፣ ማለትም 1.1 አምፔር ብቻ ይሆናሉ፤ የሙቀቱ ችግር በዚሁ ያበቃል። ቢሆንም ስድስቱን ጫፍ ለጫፍ አይቀጥሉ። በማሸጊያው ላይ ስንት ገመድ መቀጠል እንደሚቻል ከተጻፈ ያ ቁጥር ገደብ ነው፤ አምፖሉ አነሰ ብለው አይለፉት፣ የመጋጠሚያውንም አቅም ያካትታልና። ቁጥር ከሌለው ለእርስዎ ግቢ ሦስት ሦስት አድርጌ ለሁለት መስመር እከፍለዋለሁ፤ እያንዳንዱ መስመር የራሱ ሶኬት ይኖረዋል፣ አንዱ ቢበላሽ ግማሹ ግቢ እንደበራ ይቆያል። በክር አምፖል ካልሆነ አይሆንም ካሉ ግን በ0.75 ሽቦ ላይ ከሁለት ገመድ በላይ አይቀጠልም፣ ሽቦው 0.5 ከሆነ ደግሞ አንድ ገመድ ብቻ። ሶኬቶቹ ክዳን ያላቸውና ከጣሪያ በታች የተተከሉ ይሁኑ፤ ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዝቅ ብሎ ተመልሶ ይውጣ፣ ውሃው ከዝቅታው ይንጠባጠባል እንጂ ስፒናው ውስጥ አይገባም።

አሰቃቀሉ ብዙ ጥበብ አይጠይቅም። ከምሰሶ ምሰሶ የናይለን ገመድ በቅድሚያ ይወጠርና መብራቱ በእርሱ ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ ይያዝ፤ የኤሌክትሪኩ ገመድ የራሱን ክብደት መሸከም የለበትም። አምፖል ከአምፖል 50 ሳንቲ ሜትር፣ መስመር ከመስመር አንድ ሜትር ተኩል ሲርቅ ጠረጴዛው ላይ በቂ ብርሃን ይወድቃል፤ ከዚህ ከጠበበ ሰው ፊት ለፊት ያለውን ሳይሆን አምፖሉን ያያል። ሰው የሚያልፍበት ዝቅተኛው ቦታ ከ2.5 ሜትር አይውረድ።

የማንጎው ግንድ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የልጅ እጅ ስለሚደርስበት እዚያ 220 ቮልት አይጠመጠምም። ትራንስፎርመር ያለውና ከ24 እስከ 31 ቮልት የሚሠራ የገና መብራት ይግዙ፤ ትራንስፎርመሩ ራሱ ለዝናብ ካልተሠራ ጣሪያ ሥር ይቀመጥ። ጥምጥሙ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ይሁን፣ ግንዱ ሲወፍር እንዳይበጥሰውም ላላ ይበል።

ስለ ነፍሳቱ፣ የሚስባቸው በአብዛኛው ሰማያዊነት የበዛበት ነጭ ብርሃን ነው። 6,500 ኬልቪን ተብሎ የሚሸጠው የእርስዎ የገና መብራት እንደዚያው ነው፤ ከላይ ካሉት ቢጫ አምፖሎች ጋር ሲደራረብም ግንዱ የታመመ ይመስላል፣ የተጠበሰውም ዓሣ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ከላይም ከግንዱም ቢጫማውን 2,700 ኬልቪን ይጠቀሙ፤ ሁለቱን ደረጃዎች በብርሃናቸው መጠን ይለዩዋቸው እንጂ በቀለማቸው አይለዩ። ማዕድ ቤቱ ላይ 4,000 ቢሆን አይከፋም። ነጩን ካልጣሉት ከጠረጴዛዎቹ ራቅ አድርገው አጥሩ ጥግ ይስቀሉት፤ ነፍሳቱን በከፊል ወደዚያ ይወስዳል።

ሁሉ ካለቀ በኋላ ባለ 16ቱ፣ ሹልከት የሚለየው ብሬከር ቦታው ላይ መኖሩን ሳያዩ ምንም አያብሩ፤ ባለ 32ቱን መልሶ ሊተክል የሚመጣ ሠራተኛ ቢኖር ይመልሱት። የመሞከሪያ ቁልፉን ሲጫኑ ወዲያው መውደቅ አለበት፤ ካልወደቀ ይቀየር፣ ይህንም በየወሩ ይድገሙት። መብራቱን ካበሩ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሁለቱን ስፒናዎች ገላ በእጅዎ ጀርባ ይንኩ፤ ለብ ካለ ነቅለው የሶኬቱን ብሎኖች ያስጠብቁ፣ ዳግም ከሞቀ ሶኬቱ ራሱ ይቀየር።